በቀለን የዘለለው ዙር

አንድ የሰፈር እቁብ አለ እንበል። አባላቱ 6 ናቸው፦ አበበ፣ አልማዝ፣ በቀለ፣ ጫልቱ፣ ዳዊትና ሂሩት። በዚህ ሳምንት አልማዝ፣ በቀለና ሂሩት ጥለዋል፤ ሌሎቹ ሦስቱ ገና ናቸው። የእቁቡ ጸሐፊ ፕሮግራም መጻፍ የጀመረች ወጣት ናት። በየሳምንቱ ስም እየጠሩ ከደብተር ማመሳከሩ ስለሰለቻት፣ ያልጣሉትን ለይቶ የሚያወጣ አጭር ፕሮግራም በፓይተን ጻፈች። ፕሮግራሙ ሲሄድ አልተሰናከለም፤ ምንም የስህተት መልእክትም አላሳየም። ያወጣው ዝርዝር ግን አራት ስሞች ነበሩበት፦ አበበ፣ በቀለ፣ ጫልቱና ዳዊት። ገንዘቡን ያስረከበው በቀለ ካልጣሉት ጋር ተደምሮ ተገኘ።

አልማዝና ሂሩት እንደ በቀለ ጥለዋል፤ እነሱ ግን በትክክል ከዝርዝሩ ወጥተዋል። በአንድ ሕግ ከሚዳኙ ሦስት ሰዎች መካከል አንዱ ብቻ ለምን ተበደለ? ፕሮግራሙ ይኸው ነው፤ ፋይሉን `equb.py` እንበለው። መስመሮቹን ከላይ ወደ ታች ከ1 ጀምረው ይቁጠሩ፤ ወደፊት በቁጥራቸው እንጠራቸዋለን።

```python
def unpaid(members, paid):
    for name in members:
        if name in paid:
            members.remove(name)
    return members

members = ["አበበ", "አልማዝ", "በቀለ", "ጫልቱ", "ዳዊት", "ሂሩት"]
paid = ["አልማዝ", "በቀለ", "ሂሩት"]
print(unpaid(members, paid))
```

ፕሮግራም ለማያውቅ አንባቢም ቢሆን ሐሳቡ ቀላል ነው። `members` የአባላቱ ዝርዝር ነው፤ `paid` ደግሞ የጣሉት። መስመር 2 ላይ ያለው `for` ሉፕ ይባላል። የአባላቱን ዝርዝር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ስም አንሥቶ `name` በሚለው መጠሪያ ይይዛል። መስመር 3 ይህ ሰው ጥሏል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከጣለ መስመር 4 ስሙን ከዝርዝሩ ይሰርዛል። ዙሩ ሲያልቅ የቀሩት ያልጣሉት ናቸው ማለት ነው። ሲያነቡት ምንም እንከን የለበትም።

ፕሪንት የሚያሳየውና የማያሳየው

ጸሐፊዋ መጀመሪያ ያደረገችው አብዛኛው ጀማሪ የሚያደርገውን ነው። ከመስመር 2 በታች `print(name)` የሚል መስመር አስገባች፤ እያንዳንዱ ዙር የያዘውን ስም ስክሪኑ ላይ ይጻፍልኝ ማለቷ ነው። ፕሮግራሙን እንደገና ስታስኬደው አበበ፣ አልማዝ፣ ጫልቱ፣ ዳዊት፣ ሂሩት የሚሉ አምስት ስሞች ተራ በተራ ወጡ፤ ከነሱ በታችም ያው የተሳሳተ መልስ ተከተለ።

ፍንጩ እዚያው ነው፤ በቀለ አልተጠራም። ነገር ግን የጎደለ መስመር ዓይን አይስብም። የተጻፈውን እናነባለን፤ ያልተጻፈውን ለማየት መጻፍ የነበረበትን አስቀድመን በአእምሯችን መያዝ አለብን። አባላቱ 6 ሲሆኑ ይህ ይቻል ይሆናል። እቁቡ 120 አባላት ቢኖሩት ግን በርካታ ስሞች ስክሪኑን ሞልተው ሲያልፉ፣ በመካከል የጠፉትን ማን ልብ ይላል?

ጉድለቱን ልብ ብትል እንኳ ጥያቄው አልተመለሰም። በቀለ እንዳልተጠራ አወቀች፤ ለምን እንዳልተጠራ አላወቀችም። ስለዚህ ሌላ ፕሪንት ትጨምራለች፤ ፋይሉን ታስቀምጣለች፤ ከመጀመሪያው ታስኬደዋለች። አሁን የጣሉት ዝርዝር ይታያል፤ እሱ ትክክል ነው። ሦስተኛ ፕሪንት፣ ሦስተኛ ሙከራ ይቀጥላል። በመጨረሻ በየዙሩ `members`ን እንዲጽፍ ብታዘው ምክንያቱ ይገለጥላት ነበር። ችግሩ ዝርዝሩ ራሱ ይለዋወጣል ብላ አለመጠርጠሯ ነው።

የፕሪንት ድክመት ያለው እዚህ ላይ ነው። ፕሪንት ጥያቄውን ፕሮግራሙ ከመነሣቱ በፊት እንድንጽፍ ያስገድደናል። መልሱ ሲመጣ ግን ፕሮግራሙ ሄዶ አልቋል፤ ያየነው ነገር የወለደውን ቀጣይ ጥያቄ የምንጠይቀው የለም። ዲበገር ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። ፕሮግራሙን መንገድ ላይ ያቆመዋል፤ በቆመበት እያየን ያየነው ያስነሣውን ጥያቄ ወዲያው እዚያው እንጠይቃለን።

ገመድ ከመንቀል የመጣ ስም

ፕሮግራሙ የሚቆምበት የተመረጠ ቦታ ብሬክፖይንት ይባላል። ይህ ልማድ ከመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች ጀምሮ አብሮ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ፊላዴልፊያ በሚገኘው የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ ይፋ የሆነው ኤኒያክ ፕሮግራም የሚቀበለው በተጻፈ ኮድ አልነበረም፤ ገመዶችን በመሰካትና ማብሪያ ማጥፊያዎችን በማስተካከል ነበር። ያን ሥራ ከሠሩት ስድስት ሴቶች አንዷ ቤቲ ሆልበርተን ነበረች። እሷና ጓደኞቿ ስሌቱ የት ላይ እንደተበላሸ ለማወቅ ሲፈልጉ በፈለጉት ደረጃ ላይ ገመዱን ይነቅሉታል፤ ማሽኑ እዚያ ሲቆም በውስጡ የተያዙትን ቁጥሮች ከመብራቶቹ ያነባሉ። ብሬክፖይንት ማለት ግንኙነቱ የተቋረጠበት ነጥብ ነው። ዛሬ የሚነቀል ገመድ የለም፤ የሚሠራው ሥራ ግን ያው ነው።

በቀለ ጋ ቆሞ ማየት

ፓይተን የራሱ ዲበገር አለው፤ ስሙ `pdb` ነው። ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚመጣ ሌላ የሚጫን ነገር የለም። ጸሐፊዋ የጨመረቻቸውን ፕሪንቶች ሁሉ አውጥታ ተርሚናሉ ላይ ቀጥሎ ያለውን ጻፈች። ዲበገሩ በቆመ ቁጥር የፋይሉን ስምና የቆመበትን መስመርም ያሳያል፤ ለማሳጠር እነሱን ትተናቸዋል።

```
$ python -m pdb equb.py
(Pdb) b 3
(Pdb) c
(Pdb) p name
'አበበ'
(Pdb) c
(Pdb) p name
'አልማዝ'
```

`b 3` መስመር 3 ላይ ብሬክፖይንት አኑር ማለት ነው። `c` ቀጥል፤ ብሬክፖይንት እስክታገኝ አትቁም ማለት ነው። `p` ደግሞ የአንድን ነገር የአሁኑን ዋጋ አሳየኝ ነው። ብሬክፖይንቱ ሉፑ ውስጥ ስለሆነ ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ዙር ይቆማል። በመጀመሪያው ዙር አበበ ተያዘ፤ በሁለተኛው አልማዝ። እስካሁን ሁሉም እንደታሰበው ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ፕሮግራሙ መስመር 3 ላይ ቆመ ሲባል መስመር 3 ገና አልተፈጸመም። ዲበገሩ `->` በሚል ቀስት የሚያመለክተው ቀጥሎ ሊፈጸም ያለውን መስመር ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ያልተሠራ ሥራ እንደተሠራ ቆጥሮ የውሸት ስህተት ሲያሳድድ ይውላል።

አልማዝ ስለጣለች ስሟ ሊሰረዝ ነው። ጸሐፊዋ አሁን `c` ማለቷን ትታ `n` አለች። `n` አንዲት መስመር ብቻ ፈጽመህ እንደገና ቁም ማለት ነው።

```
(Pdb) n
(Pdb) p members
['አበበ', 'አልማዝ', 'በቀለ', 'ጫልቱ', 'ዳዊት', 'ሂሩት']
(Pdb) n
(Pdb) p members
['አበበ', 'በቀለ', 'ጫልቱ', 'ዳዊት', 'ሂሩት']
(Pdb) n
(Pdb) p name
'ጫልቱ'
```

የመጀመሪያው `n` ወደ መስመር 4 አደረሳት፤ ዝርዝሩ ገና ስድስቱንም ይዟል። ሁለተኛው `n` መስመር 4ን ፈጸመ፤ አልማዝ ወጣች፤ ዝርዝሩ አምስት ሆነ። በቀለ በቦታው አለ፤ ማንም አልሰረዘውም። ሦስተኛው `n` ሉፑን ወደ ቀጣዩ ዙር አሻገረ። የተያዘው ስም ግን በቀለ መሆኑ ቀርቶ ጫልቱ ሆነ። ስህተቱ የተፈጠረው በእነዚህ ሁለት እርምጃዎች መካከል፣ ዓይኗ እያየ ነው።

ሁለቱን ዝርዝሮች አስተያዩአቸው። ሉፑ ስሞቹን የሚያስታውሰው በማንነታቸው አይደለም፤ ስንተኛው ቦታ ላይ እንደደረሰ ብቻ ይቆጥራል። የዳቦ ሰልፍን አስቡ። አንድ ሰው በሰልፉ ጎን እየሄደ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በየቦታው የቆመውን ይጠይቃል። ሁለተኛው ቦታ ላይ አልማዝን አገኘና ከሰልፉ አስወጣት። ከኋላ ያሉት ሁሉ አንድ እርምጃ ወደፊት ተጠጉ፤ በቀለም ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ መጣ። ጠያቂው ግን ሁለተኛውን ጨርሻለሁ ብሎ ወደ ሦስተኛው ቦታ አለፈ። እዚያ የቆመችው አሁን ጫልቱ ናት። በቀለ የተጠጋበት ቦታ ቀድሞ የተጠየቀ ስለሆነ ማንም ሳይጠይቀው ቀረ።

ሂሩት ለምን በትክክል እንደወጣችም ከዚሁ ይገባናል። ከሷ በኋላ የሚጠጋ ሰው የለም፤ ስለዚህ የሚዘለል አልነበረም። የሚዘለለው ሁልጊዜ ከተሰረዘው ቀጥሎ ያለው ነው። ያ ሰው ያልጣለ ከሆነ መዘለሉ ጉዳት የለውም፤ ድሮም ዝርዝሩ ውስጥ መቅረት ነበረበት። ስህተቱ የሚታየው ሁለት የጣሉ ሰዎች ተከታትለው ሲመጡ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ አንዳንድ ሳምንት ልክ፣ አንዳንድ ሳምንት ስህተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ስህተት ሁልጊዜ ከሚሳሳተው የከፋ ነው፤ ሰው ያምነዋልና።

ስድስቱ 120 ሲሆኑ

ስድስት ጊዜ `c` ማለት አያደክምም፤ 120 ጊዜ ማለት ግን ያሰለቻል። አንድ ጊዜ ቸኩሎ ደጋግሞ የጫነ ሰው የፈለገውን ዙር አልፎት ይሄዳል፤ ዲበገሩ ደግሞ ወደ ኋላ አይመልሰውም፤ እንደገና ከመነሻው መጀመር ግድ ይሆንበታል። መፍትሔው ብሬክፖይንቱን በቅድመ ሁኔታ ማሰር ነው፦

```
(Pdb) b 3, name == "በቀለ"
(Pdb) c
```

ይህ ማለት መስመር 3 ላይ ቁም፤ ግን የተያዘው ስም በቀለ ሲሆን ብቻ። ጸሐፊዋ ዲበገሩን እንደ አዲስ ከፍታ ይህን ብትሞክር ፕሮግራሙ አንዴም ሳይቆም ይሄዳል፤ የተሳሳተውን ዝርዝር ያወጣል፤ ዲበገሩም ፕሮግራሙ ማለቁንና ከመጀመሪያው ሊነሣ መሆኑን ይናገራል። ጀማሪው በዚህ ጊዜ ዲበገሩ አልሠራም ብሎ ይዘጋዋል። ያላወቀው ነገር መልሱን ማግኘቱን ነው። ያልተነካ ብሬክፖይንት ምስክር ነው፦ ፕሮግራሙ በቀለን ይዞ በዚህ መስመር ፈጽሞ አላለፈም። በፕሪንት ጊዜ ዓይን የማይስብ ጉድለት የነበረው፣ እዚህ ለቀጥተኛ ጥያቄ የተሰጠ ቀጥተኛ መልስ ሆነ።

ይህን ምስክር ከማመን በፊት ግን ቅድመ ሁኔታው ራሱ በትክክል መጻፉን ማረጋገጥ ይገባል። በአማርኛ ስሞች ላይ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ነው። እኛ ሂሩት ብለን ብንጽፍም ሒሩት ብለን ብንጽፍ አንድ ሰው ነች፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሂ እና ሒ ፍጹም የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ ናቸው። አባላቱ ሲመዘገቡ ፀሐይ የተባለች ሴት የጣሉት ዝርዝር ላይ ጸሀይ ተብላ ከተጻፈች፣ ሉፑ ምንም ሳይዘልላት ያልጣለች ያደርጋታል። ስለዚህ መጀመሪያ እንደሚያልፍ በተረጋገጠ ስም፣ ለምሳሌ በአበበ፣ ቅድመ ሁኔታውን ይሞክሩ። እዚያ ከቆመ አጻጻፉ ልክ ነው። ከዚያ የሚፈለገውን ስም እጅ ሳይሆን ዝርዝሩ ራሱ እንዲሰጠን ማድረግ ይቻላል፦ በቀለ ሦስተኛው ስለሆነና ፓይተን ከዜሮ ስለሚቆጥር፣ ሉፑ ከመጀመሩ በፊት `p members[2]` ብሎ የሚወጣውን ስም ቀድቶ ቅድመ ሁኔታው ውስጥ መለጠፍ ነው።

ብዙ ጊዜ ግን ማን እንደተበደለ አስቀድመን አናውቅም። ያኔ ብሬክፖይንቱን የምናኖርበትን ቦታ መምረጥ ይበቃል። መስመር 4 የሚፈጸመው ስም ሲሰረዝ ብቻ ነው፤ `b 4` ብንል ለውጥ በሚደረግበት ዙር ብቻ እንቆማለን። ሉፕ ውስጥ ለመቆም የተሻለው ቦታ ብዙውን ጊዜ ዙሩ የሚጀምርበት ሳይሆን አንድ ነገር የሚለወጥበት መስመር ነው።

ዝርዝሩን በየእርምጃው `p` እያሉ መጠየቅም አያስፈልግም። `display` የሚባል ትእዛዝ አለ፤ አንድ ጊዜ ከተሰጠ ፕሮግራሙ በቆመ ቁጥር ዋጋው ተለውጦ ከሆነ የድሮውንና የአሁኑን ጎን ለጎን ያሳያል። እዚህ ላይ የተደበቀ ወጥመድ አለ። `display members` ካልን ስም ሲሰረዝ እንኳ ለውጡን ላይነግረን ይችላል። ዲበገሩ የያዘው ያንኑ ዝርዝር ስለሆነ፣ ዝርዝሩ ሲለወጥ የድሮ ብሎ የያዘውም አብሮ ይለወጣል፤ ሁለቱን ሲያነጻጽር ልዩነት አያገኝም። `display members[:]` ስንል ግን በየጊዜው ቅጂ ይወስዳል፤ ለውጡም ይታያል።

ዲበገርም የሚያሳስትበት

አጭር ስም ያላቸው መጠሪያዎች ያወናብዳሉ። ሉፕ ውስጥ ቁጥር ለመያዝ ብዙ ሰው `n` ወይም `c` የሚል መጠሪያ ይጠቀማል። ዲበገሩ ውስጥ `n` ብቻ ቢጽፉ ዋጋውን አያሳይም፤ አንድ መስመር ይራመዳል። `p n` ማለት ያስፈልጋል። ባዶ ኢንተር መጫንም የመጨረሻውን ትእዛዝ ይደግማል፤ ሳያስቡ መጫን ሳያስቡ መራመድ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ መጠየቅ ራሱ ነገሩን እንዳይለውጥ ነው። `p members[-1]` የመጨረሻውን ስም ያሳያል፤ `p members.pop()` ግን ያሳይና ከዝርዝሩ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ የምናየው ፕሮግራሙ የፈጠረውን ሳይሆን እኛ የፈጠርነውን ስህተት ነው።

ሦስተኛው ገደብ ጊዜ ነው። ዲበገር የፕሮግራሙን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ቅድመ ሁኔታ ሲጨመር በየዙሩ እሱንም ማስላት ስላለበት፣ ሚሊዮን ጊዜ በሚዞር ሉፕ ላይ መዘግየቱ በግልጽ ይታያል። ሁለት ሥራዎች እኩል ሲሄዱ በመሽቀዳደማቸው የሚመጣ ስህተት ከሆነ ደግሞ አንዱን ማቆም ሽቅድምድሙን ስለሚለውጥ ስህተቱ ሊሰወር ይችላል። ደንበኞች እየተገለገሉበት ያለን ፕሮግራም መንገድ ላይ ማቆምም አይቻልም። በእነዚህ ቦታዎች ወደ ፋይል የሚጻፍ መዝገብ፣ ማለትም የፕሪንት ታላቅ ወንድም፣ ቦታውን ይይዛል።

ተርሚናል የማይመቸው ሰው ይህንኑ ሁሉ በቪኤስ ኮድ ማድረግ ይችላል። ከመስመሩ ቁጥር በስተግራ ሲጫኑ ቀይ ነጥብ ይወጣል፤ እሱ ብሬክፖይንት ነው። `F5` ያስነሣል፣ ከቆመበትም ያስቀጥላል፤ `F10` አንድ መስመር ያራምዳል፤ ዝርዝሩና የተያዘው ስም `Variables` በሚለው ሳጥን ውስጥ ሳይጠየቁ ይታያሉ። ቀይ ነጥቡ ላይ በቀኝ ተጭነው `Edit Breakpoint` ሲሉ ቅድመ ሁኔታውን መጻፊያ ይመጣል።

እርማቱና ፈተናው

ምክንያቱ ከታወቀ እርማቱ አጭር ነው። የሚዞሩበትን ዝርዝር እየዞሩ አለመንካት፤ ያልጣሉትን በሌላ አዲስ ዝርዝር መሰብሰብ።

```python
def unpaid(members, paid):
    debtors = []
    for name in members:
        if name not in paid:
            debtors.append(name)
    return debtors
```

አሁን መልሱ አበበ፣ ጫልቱና ዳዊት ነው። ጸሐፊዋ ግን ትክክለኛ መልስ በማየቷ ብቻ አልረካችም፤ የድሮው ፕሮግራምም አንዳንድ ሳምንት ትክክለኛ መልስ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ዲበገሩን እንደገና ከፍታ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። ጥያቄው ያለበት መስመር አሁን 4 ሆኗልና `b 4, name == "በቀለ"` ብላ `c` አለች። ባለፈው ሳይቆም ያለፈው ፕሮግራም አሁን ቆመ። `p name` ስትለው `'በቀለ'` አለ፤ `p members` ስትለው ስድስቱም በየቦታቸው ነበሩ። `n` ስትለው በቀለ የጣለ ስለሆነ መስመር 5ን ሳይነካ ወደ ቀጣዩ ሰው ተመለሰ። በቀለ በዚህ ዙር ተጠይቆ አለፈ።